ልጅ ሲያነብ የሚሰማ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚጠይቅ ወላጅ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጃክ ቲዛርድ፣ ጄኒ ሂዊሰንና ዊልያም ስኮፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በሰሜን ለንደን፣ ሃሪንጌ በምትባል የከተማዋ ክፍል አንድ ሙከራ ጀመሩ። አካባቢው የሠራተኛ ሰፈር ነው። ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች ይኖሩበታል፤ ከእናቶቹና ከአባቶቹ መካከል እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችሉ፣ ጭራሽ መናገርም የማይችሉ ነበሩ። የልጆቹ የንባብ ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሊያውቁ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ማታ ማታ ቤቱ ለወላጁ ጮክ ብሎ ቢያነብ ለውጥ ያመጣል ወይ?

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በዕጣ የተመረጡ ክፍሎች ውስጥ ያሉ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች በሳምንት ለተወሰኑ ምሽቶች መጽሐፍ ይዘው ወደ ቤት እንዲሄዱ ተደረገ። ከመጽሐፉ ጋር ከየት እስከ የት እንደሚነበብ የሚናገር ካርድ አለ። ልጁ ያነባል፣ ወላጁ ይሰማል፣ ካርዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በቃ። ተመራማሪዎቹ በየጊዜው ቤት ለቤት እየዞሩ አሰማሙን ያዩና ይመክሩ ነበር። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተመረጡት ክፍሎች ልምድ ያላት ተጨማሪ መምህርት ተመደበችላቸውና በትንንሽ ቡድን ንባብ አስጠናቻቸው። የቀሩት ክፍሎች እንደወትሮው ቀጠሉ። ሥራው ሁለት ዓመት ቆየ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ።

ለወላጆቻቸው ያነበቡት ልጆች በንባብ ፈተና በግልጽ ቀደሙ። በልዩ መምህርት የተረዱት ያን ያህል አልተሻሻሉም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፤ እንግሊዝኛ የማያነቡት ወላጆች ልጆችም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ነበሩ። እናትየው ቃሉን ልታርም አትችልም፣ ታሪኩን ልትከተል አትችልም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ሰማችው፣ በየሳምንቱም ደገመችው። ልጁም በየሳምንቱ ከሌላው ልጅ የበለጠ ገጽ አነበበ።

ይህ ሙከራ ሳይነቀፍ አልቀረም። ፒተር ሃነን የተባለ ተመራማሪ በሰሜን እንግሊዝ ሮችዴል ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ አሠራር ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጽሑፍ የፈተናው ጭማሪ እንደ ሃሪንጌ ሆኖ አላገኘውም። ልዩነቱን ምን እንዳመጣው እስካሁን ያከራክራል። መጽሐፍ ወደ ቤት መላክ ብቻውን ተአምር አይደለም ማለት ነው። ወላጁ እንዴት እንደሚሰማ ወሳኝ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በአማርኛ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሲያነብ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው የሚሄደው። «በ-ሬ-ው» ብሎ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው «በሬው» የሚለው። በዚህ ደረጃ የወላጅ ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። ልጁ አንድ ቃል ላይ ሲያቆም ብዙዎቻችን ቃሉን ወዲያው እንሰጠዋለን። እንዲህ ሲለመድ ልጁ ፊደሉን መታገል ትቶ የአባቱን አፍ ማየት ይጀምራል። ዝም ብሎ ለጥቂት ሰከንድ መጠበቅ፣ ካልሆነለት የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ማሳየት፣ ቃሉ ሲመጣለት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲደግመው ማድረግ ይሻላል። ድግግሞሹ የሚያስፈልገው ልጁ ቃሉን ሲታገል የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ስለሚጠፋበት ነው።

ማንበብ የማይችል ወላጅስ ልጁ በእውነት እያነበበ መሆኑን በምን ያውቃል? መንገድ አለው። ልጆች አጭር ምንባብ በቃላቸው ይዘው ዓይናቸው ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲወርዱት ታያላችሁ። ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ ከገጹ መሐል አንድ መስመር ላይ ጣት ማስቀመጥና «ከዚህ ጀምር» ማለት በቂ ነው። የሸመደደ ልጅ ከላይ ካልጀመረ መግባት ያቅተዋል። ከራሱ እየፈጠረ የሚናገር ልጅ ደግሞ ያንኑ መስመር በማግስቱ ሲያነብ ሌላ ነገር ይላል። ሲጨርስ «ምን ሆነ አለ? ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ ፊደሉን ብቻ ለቅሞ ትርጉሙ ያመለጠው ልጅ እዚህ ጋ ይቆማል። ይህን ለማድረግ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ወላጁም የተማረ መሆን አይጠበቅበትም። ዋሽንግተን አካባቢ ሆና እንግሊዝኛው የሚከብዳት እናትም ልጇን በእንግሊዝኛ አስነብባ ታሪኩን በአማርኛ ልታስነግረው ትችላለች።

እስካሁን ያልኩት ስለ ትንንሾቹ ነው። ልጁ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በመካከለኛ ክፍሎች፣ ማለትም ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ባሉት ተማሪዎች ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። የወላጅን ተሳትፎ በዓይነት ከፋፍለው እያንዳንዱ ከውጤት ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ ለኩ። ይህ መለኪያ ከዜሮ ወደ አንድ ሲጠጋ ትስስሩ ይጠነክራል፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል ማለት ነው። ትምህርት ቤት እየሄዱ በስብሰባና በዝግጅት መሳተፍ 0.19 አገኘ። የቤት ሥራ ማገዝ ከዜሮ በታች ወርዶ −0.11 ሆነ። ከሁሉም የበለጠው፣ 0.39 ያገኘው፣ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው፤ ወላጁ ከልጁ ምን እንደሚጠብቅ መንገሩ፣ ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም መወያየቱ፣ እንዴት ቢያጠና እንደሚሻል አብሮ ማሰቡ፣ ስለ ወደፊቱ ማውራቱ።

የቤት ሥራ ማገዝ ውጤት ይቀንሳል ማለት ነው? እንደዚያ ብሎ መደምደም አይቻልም። ወላጅ አብዝቶ የሚያግዘው ልጁ ሲደክም ነው፤ ጎበዙን ልጅ ማን ቁጭ ብሎ ያግዘዋል? ስለዚህ እገዛና ዝቅተኛ ውጤት አብረው ቢታዩ አያስደንቅም፤ ሐኪም ቤት ብዙ ሕመምተኛ መኖሩ ሐኪም ያሳምማል አያሰኝም። ይህ የዕዳው ግማሽ ነው። ግማሹ ግን የእገዛው ዓይነት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ኤሪን ማሎኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ነው። በአሜሪካ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ሒሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች የሒሳብ የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቻቸው በዓመቱ መጨረሻ ከሌሎቹ ያነሰ ሒሳብ ተምረው፣ እነሱም ሒሳብን ይበልጥ መፍራት ጀምረው ተገኙ። እነዚያው ፈሪ ወላጆች እምብዛም የማያግዙ ከሆነ ግን ይህ አልታየም። የሚፈሩት ትምህርት ሒሳብ ስለሆነ በንባብ ላይም እንዲህ ያለ ጉዳት አልተገኘም። እንግዲህ ልጁ የወረሰው ስሌቱን ሳይሆን ብስጭቱን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

እኛም ዘንድ የቤት ሥራ ሰዓት የጭንቅ ሰዓት የሆነበት ቤት ብዙ ነው። አባት ከሥራ ደክሞ ይገባል፣ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ነገ የሚሰበሰብ ፕሮጀክት አለ። ካርቶን ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ የልብ ቅርጽ በቀይ እስክሪብቶ ይሳላል። ልጁ ግማሹን ተኝቶ ያሳልፈዋል። በሒሳብም እንዲሁ፤ አባት እሱ በተማረበት ስልት ይሠራለታል፣ ልጁ «ቲቸር እንዲህ አላለችም» ይላል፣ ጩኸት ይነሳል፣ በመጨረሻ መልሱ ተገልብጦ ደብተሩ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከፍቅር ነው፤ ስለዚህም ነው በጊዜ መታረም ያለበት። አስጠኚ ቀጥሮ የቤት ሥራውን ለእሱ መስጠትም እዚያው የሚያደርስ መንገድ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ደጅ እንሂድ። በአገራችን ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራበት ጉዳይ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። የክፍያ ጭማሪ አለ፣ የአጥር ወይም የመጸዳጃ ቤት ግንባታ መዋጮ አለ፣ የወላጆች ቀን አለ፣ ልጁ ጥፋት ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» አለ። ወመህ፣ ማለትም የወላጅና የመምህር ኅብረት፣ በየትምህርት ቤቱ ተዋቅሯል፤ በገጠር ስንት መማሪያ ክፍል በኅብረተሰብ ጉልበትና ገንዘብ እንደቆመ ማንም ያውቃል፤ ውለታው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ አንድ ወላጅ ስለራሱ ልጅ ትምህርት አዲስ ነገር ሰምቶ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወንበር ማሠራት ለትምህርት ቤቱ ይጠቅማል፤ ልጄ ክፍልፋይ መደመር እንደማይችል ግን አይነግረኝም።

ስብሰባው ራሱ ቢቀየር ምን ይፈጠራል? ፈረንሳዮች ይህን ሞክረዋል። ከፓሪስ በስተምሥራቅ ባለው የክሬቴይ የትምህርት አስተዳደር ሥር በሚገኙ ዝቅተኛ ኑሮ ባለባቸው ሰፈሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2008/09 የትምህርት ዘመን፣ ሠላሳ ሰባት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች የስድስተኛ ክፍል ወላጆችን ሦስት ጊዜ ብቻ ጠሩ። ስብሰባው ማታ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ይመራዋል፤ የሚወራው ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ልጁን ቤት እንዴት መከታተል እንደሚቻልና ሪፖርት ካርዱ ሲወጣ እንዴት እንደሚነበብ ነው። የሚጠሩት ክፍሎች በዕጣ ስለተለዩ ንጽጽሩ የታመነ ነው። የተጠሩት ወላጆች ልጆች ያለ ፈቃድ መቅረታቸው ቀነሰ፣ በጠባይ የሚደርስባቸው ቅጣትም ቀነሰ። እዚያው ክፍል ያሉ፣ ወላጆቻቸው ያልተጠሩ ልጆች ጠባይ እንኳ ተሻሻለ። በፈተና ውጤት ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም።

ይህን ውጤት ሳስብ የስብሰባ አቅም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይታየኛል። ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ልጁ «ይከታተሉኛል» ይላል፤ አይቀርም፣ አያምጽም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውጤት እንዲነሳ ግን ወላጁ ልጁ የት ላይ እንደጎደለ በዝርዝር ማወቅ አለበት። ፒተር በርግማን የተባለ ኢኮኖሚስት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት ያደረገው ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። በዕጣ ለተመረጡ ወላጆች ለስድስት ወር ያህል በወር ጥቂት ጊዜ በስልክና በጽሑፍ መልእክት ይነገራቸው ነበር። መልእክቱ «ልጅዎ ሰነፈ» አይልም። የየትኛው ትምህርት የቤት ሥራ እንዳልገባ፣ የስንተኛው ገጽ ስንተኛ ጥያቄ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በፊት ወላጆቹ ልጆቻቸው ካላስረከቡት ሥራ ብዙውን አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ያልተሠራው ሥራ በሩብ ገደማ ቀነሰ፤ በከፍተኛ ክፍሎች የሒሳብ ውጤትም ከፍ አለ። በመካከለኞቹ ክፍሎች ግን ይህ ለውጥ አልታየም፤ ስለዚህ ለሁሉም ዕድሜ ይሠራል ብዬ አልናገርም።

የእኛ ሪፖርት ካርድ ወላጅን የሚነግረው አጠቃላይ ድምርና ደረጃ ነው። «ስንተኛ ወጣ?» የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ደረጃ ግን የሚናገረው ልጁ ከጎረቤቱ አንጻር የት እንዳለ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይደለም። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ቢደክሙ አንዱ አንደኛ መውጣቱ አይቀርም። አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ 58 አመጣ፣ ሃያ አንደኛ ወጣ እንበል። ወላጁ «ምንም አይልም፣ አልፏል» ብሎ ሊመለስ ይችላል። ወደ ሒሳብ መምህሩ ጠጋ ብሎ «58ቱ እንዴት እንደተገኘ ያሳዩኝ» ቢል ግን መምህሩ የማርክ ዝርዝሩን ይከፍታል። የቤት ሥራ ከ10 10፣ ፕሮጀክት ከ10 10፣ ደብተር አያያዝ ከ5 5። ሁለት ቴስቶች ከ20 8፣ ሚድ ከ15 6፣ ፋይናል ከ40 19።

አሁን ታሪኩ ሌላ ሆነ። ቤት ውስጥ ከሚሠራው 25 ውስጥ ልጁ 25 አግኝቷል። ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከሠራው 75 ውስጥ ያገኘው 33 ነው፤ ይህ ከመቶ 44 ነው፣ ከግማሽ በታች። ልጁ ሒሳቡን አልያዘውም፤ ያሳለፈው ሌላ ሰው የሠራው የቤት ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ፈተና የሚያስደነግጠው ልጅም እንዲህ ያለ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ሙሉ ማርክ ካገኘበት የቤት ሥራ አንዱን ጥያቄ፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ፣ ያለ ሰዓትና ያለ ቁጣ ቤት እንዲሠራ መስጠት ነው። ከሠራው ችግሩ ድንጋጤ ነው። ካልሠራው አልገባውም። የወላጁ ሁለተኛ ጥያቄ ለመምህሩ የሚሆነውም ከዚህ ይመጣል፤ ቴስቱ ላይ የወደቀባቸው ጥያቄዎች ከየትኛው ምዕራፍ ናቸው? አሉታዊ ቁጥር ነው? ክፍልፋይ ነው? የቃላት ጥያቄ ነው? የቃላት ጥያቄ ከሆነ ጉድለቱ ሒሳብ ሳይሆን ንባብ ሊሆን ይችላልና ወደ ሃሪንጌው ዐሥር ደቂቃ መመለስ ነው፤ ለሰባተኛ ክፍልም አያሳፍርም።

ቤት ሲመለሱ የወላጁ ቦታ ይቀየራል። እስክሪብቶው ልጁ እጅ ይቀራል። ልጁ ይሠራል፣ ከሠራው አንዱን መርጦ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ያስረዳል። ሒሳብ ለማያውቅ ወላጅም ይህ ይቻላል፤ ልጁ የት ላይ «እንዲሁ ነው የሚሠራው» ብሎ እንደሚያልፍ ልብ ማለት ብቻ ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ ያልገባው እዚያ ነውና። ልጁ ያላወቀውን ጥያቄ ባዶውን ትቶ፣ አጠገቡ ምልክት አድርጎ ለመምህሩ ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ባዶ የተተወ ጥያቄ መምህሩ የሚያነበው መረጃ ነው፤ አባት የሞላው ትክክለኛ መልስ ግን መምህሩን ያሳስተዋል። የቤት ሥራ ማርኩ ከ10 ወደ 7 ሊወርድ ይችላል። ወላጅ ይህን ሦስት ማርክ ለመተው መቁረጥ አለበት።

መምህራንም የበኩላቸው አለባቸው። ለቤት ሥራ ሙሉ ማርክ የሚሰጠው ትክክል ስለሆነ ብቻ ከሆነ፣ ወላጁ እንዲሠራለት የሚገፋፋው ያው ማርክ ነው። ለሙከራው ማርክ ሰጥቶ ስሕተቱን ክፍል ውስጥ ማረም የሚለምዱ መምህራን አሉ፤ እነሱ ዘንድ ባዶ መተው ልጁን አይጎዳውም። ሃምሳና ስድሳ ልጅ ለሚያስተምር መምህር የእያንዳንዱን ጉድለት ለወላጅ መጻፍ ከባድ መሆኑም ግልጽ ነው። ሆኖም ቤት የተሠራውንና ክፍል የተፈተነውን በሁለት መስመር ለይቶ ሪፖርት ካርዱ ላይ ማውጣት ይቻላል። ማርኩ መምህሩ መዝገብ ላይ ተለይቶ ተጽፏል፤ ካርዱ ላይ ሲደርስ ነው የሚደመረው። የወመህ ስብሰባ ለአጥር ከሚመድበው ጊዜ ላይ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ይህን ለውጥ ርዕሰ መምህሩን ቢጠይቅ፣ በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት እያንዳንዱ ወላጅ 25ቱንና 33ቱን ለየብቻ ያያል።